አሲድ ክሎራይድ፣ አንሃይድራይድ፣ ኤስተር፣ አሚድ፦ ማን ይቀድማል? ደረጃ የማውጫ መመሪያ

ኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ከሚማሩ ተማሪዎች በየሴሚስተሩ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይመጣል፦ «የሪአክሽን ፍጥነታቸውን ቅደም ተከተል ሸምድደነዋል፤ ፈተና ላይ ግን ሁለት ኤስተር አንድ ላይ ሲመጡ፣ ወይም ቀለበት የሠራ አሚድ ሲገባበት ከየት እንደምንጀምር ይጠፋናል።» የተሸመደደው ዝርዝር አራት ስም ብቻ ስለያዘ አምስተኛው ሲመጣ መልስ የለውም። ከዚህ በታች ያለው አሠራር ግን ለማንኛውም ሞለኪውል ይሠራል፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው ካርቦኒሉ ላይ የተጣበቀው ክፍል ምን እንደሚያደርግ እንጂ የሞለኪውሉን ስም አይደለም።

መጀመሪያ ሪአክሽኑ እንዴት እንደሚሄድ እናስታውስ። ኑክሊዮፋይሉ (ውሃ፣ አልኮል፣ አሚን ወይም ሃይድሮክሳይድ) የካርቦኒሉን ካርቦን ይይዛል። የካርቦንና የኦክስጅን ድርብ ቦንድ ይከፈትና ኦክስጅኑ ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ካርቦኑ ደግሞ አራት ነገር የያዘ መሸጋገሪያ ውህድ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ ድርብ ቦንዱ ተመልሶ ሲሠራ አንዱ ክፍል ኤሌክትሮኖቹን ይዞ ይወጣል። ይህን ለቆ የሚሄደውን ክፍል ሊቪንግ ግሩፕ እንለዋለን። እንግዲህ ፍጥነቱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ካርቦኑ ለመያዝ ምን ያህል ይመቻል? ሊቪንግ ግሩፑስ ለመውጣት ምን ያህል ይቀለዋል?

የሚያስፈልጉ ነገሮች

በወረቀት ላይ ለማውጣት፦
- እርሳስ፣ ላጲስና ባዶ ወረቀት
- የ pKa ሰንጠረዥ (ከታች የምንጠቀምባቸው ቁጥሮች ይበቃሉ)

በላብራቶሪ ለማረጋገጥ፦
- አሴታይል ክሎራይድ፣ አሴቲክ አንሃይድራይድ፣ ኢታይል አሴቴት፣ አሴታሚድ
- ዲስቲልድ ውሃ፣ 10% የ NaOH ሶሉሽን፣ 0.1 ሞላር የ AgNO3 ሶሉሽን
- ደረቅ የሙከራ ቱቦዎች፣ ለእያንዳንዱ ኬሚካል የተለየ ድሮፐር፣ ቀይና ሰማያዊ ሊትመስ ወረቀት
- የውሃ መታጠቢያ (ዋተር ባዝ) እና ቴርሞሜትር
- የሚሠራ ፊውም ሁድ፣ የዓይን መከላከያ መነጽር፣ ጓንት

አራቱ ኬሚካሎች የተመረጡት ሁሉም CH3CO የሚለውን ክፍል ስለሚጋሩ ነው። የጋራው ክፍል አንድ ከሆነ የሚታየው ልዩነት የመጣው ከተጣበቀው ክፍል ብቻ ነው። አንዱን ከቤንዞይል፣ ሌላውን ከአሴታይል ቤተሰብ ብታመጡ ሁለት ለውጥ ስለሚደባለቅ ልዩነቱን ከየትኛው እንዳገኛችሁት ማወቅ አትችሉም።

ክፍል አንድ፦ በወረቀት ላይ

1. ካርቦኒሉን ፈልጉና ከእሱ ጋር በቀጥታ የተያያዘውን አተም ክበቡት።

ክሎሪን ስላያችሁ ብቻ «አሲድ ክሎራይድ ነው» አትበሉ። CH3COCl ላይ ክሎሪኑ ካርቦኒሉን ነክቶታል፤ ClCH2COOCH3 ላይ ግን ክሎሪኑ ያለው ጎረቤት ካርቦን ላይ ስለሆነ ሞለኪውሉ ኤስተር ነው። ኤስተር ላይም ኦክስጅኑ ከየትኛው ወገን እንደሆነ በጥንቃቄ እዩ። ሜታይል ቤንዞዌት ሲሰበር የሚወጣው ሜቶክሳይድ ነው፤ ፊናይል አሴቴት ሲሰበር ግን የሚወጣው ፊኖክሳይድ ነው። ሁለቱም ቀለበት አላቸው፣ ሁለቱም ኤስተር ናቸው፣ ለደረጃው ግን በጣም ይለያያሉ። በካርቦኒሉ ሁለቱም ወገን ካርቦን ብቻ ካለ ኬቶን ነውና ከዝርዝሩ አውጡት፤ ለቆ የሚሄድ ነገር የለውም።

2. የከበባችሁት አተም ለካርቦኒሉ ምን ያህል ኤሌክትሮን እንደሚያበድር ገምቱ።

ብዙዎች የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብላችሁ እዩት። ኤሌክትሮኔጋቲቪቲን ብቻ ተከትላችሁ ከሄዳችሁ ትሳሳታላችሁ። በፖሊንግ ስኬል ናይትሮጅን 3.04፣ ክሎሪን 3.16፣ ኦክስጅን 3.44 ነው። ናይትሮጅንና ክሎሪን ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሆኖም አሚድና አሲድ ክሎራይድ የደረጃው ሁለት ጫፍ ናቸው። ኤሌክትሮን መሳብ ብቻውን ቢወስን ኖሮ ኤስተር ከሁሉም በላይ ይሆን ነበር።

ልዩነቱን የሚያመጣው ሬዞናንስ ነው። የናይትሮጅን ነጻ የኤሌክትሮን ጥንድ የተቀመጠው ከካርቦኑ ጋር እኩል መጠን ባለው 2p ኦርቢታል ውስጥ ስለሆነ ከካርቦኒሉ ጋር በደንብ ይደራረባል። ናይትሮጅን ኤሌክትሮኑን አጥብቆ ስለማይይዝም በልግስና ይሰጣል። ስለዚህ የአሚድ ካርቦን የኤሌክትሮን ረሃቡ ይቀንስና ኑክሊዮፋይል አይስብም። ኦክስጅንም በ2p ይሰጣል፤ ነገር ግን ኤሌክትሮኑን ከናይትሮጅን ይልቅ አጥብቆ ስለሚይዝ የሚሰጠው ያነሰ ነው። አንሃይድራይድ ላይ መሐል ያለው ኦክስጅን ሁለት ካርቦኒል በአንድ ጊዜ ስለሚሻሙበት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ትንሽ ነው። የክሎሪን ጥንድ ደግሞ ሰፊ በሆነው 3p ውስጥ ስላለ ከካርቦኑ ትንሽ 2p ጋር አይገጥምም፤ የሚሰጠው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፣ መሳቡ ብቻ ይቀራል።

የኢንፍራሬድ ስፔክትረም ማግኘት ከቻላችሁ ይህን ልገሳ በቁጥር ታዩታላችሁ። የካርቦኒሉ ምልክት አሴታይል ክሎራይድ ላይ 1800 cm⁻¹ አካባቢ፣ ኢታይል አሴቴት ላይ 1740 አካባቢ፣ አሚዶች ላይ 1650 እስከ 1690 ባለው ውስጥ ይወጣል። ናይትሮጅኑ ኤሌክትሮን ባበደረ ቁጥር ድርብ ቦንዱ ወደ ነጠላ ስለሚጠጋ ይላላል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። አንሃይድራይድ ሁለት ምልክት ስላለው (1820 እና 1750 አካባቢ) አትደናገጡ፤ ሁለቱ ካርቦኒሎች አብረው ስለሚርገበገቡ ነው።

3. ሊቪንግ ግሩፑን ከነኔጌቲቭ ቻርጁ ጻፉና የኮንጁጌት አሲዱን pKa ከጎኑ አስቀምጡ።

ጠንካራ ቤዝ ቶሎ አይለቅም፤ ደካማ ቤዝ በቀላሉ ይወጣል። የአሲዱ pKa ዝቅ ባለ ቁጥር ቤዙ ደካማ ነው።

- Cl⁻ ፦ ኮንጁጌት አሲዱ HCl፣ pKa −7 አካባቢ
- CH3COO⁻ ፦ አሴቲክ አሲድ፣ 4.76
- C2H5O⁻ ፦ ኢታኖል፣ 16 አካባቢ
- NH2⁻ ፦ አሞኒያ፣ 38 አካባቢ

ለአሚድ 9.2ን የሚጽፉ ተማሪዎች አሉ። እሱ የአሞኒየም (NH4⁺) pKa ነው። ከካርቦኑ የሚለቀው NH2⁻ ከሆነ የሚፈለገው የ NH3 pKa ነው። በአሲድ ውስጥ የሚሠራ ከሆነ ናይትሮጅኑ ከመውጣቱ በፊት ፕሮቶን ስለሚይዝ እንደ NH3 ይወጣል፤ አሚድ በጠንካራ አሲድ ሲፈላ መሰበር የሚችለውም በዚህ መንገድ ነው። የትኛው ሁኔታ ላይ እንዳላችሁ ሳትወስኑ ቁጥር አታንሱ።

4. መጀመሪያ በቤተሰብ ደርድሩ።

የደረጃ 2 እና የደረጃ 3 መልሶች እዚህ ይገናኛሉ፤ ሁለቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ይጠቁማሉ፦ አሲድ ክሎራይድ > አንሃይድራይድ > ኤስተር > አሚድ። ካርቦክሲሊክ አሲድ በገለልተኛ ሁኔታ ከኤስተር ጎን ይቀመጣል። ቤዝ ካለ ግን ወዲያው ካርቦክሲሌት (RCOO⁻) ስለሚሆን ከአሚድም በታች ይወርዳል፤ ኔጌቲቭ ቻርጅ ያለውን ነገር ሌላ ኔጌቲቭ ነገር አይጠጋውም። ታዮኤስተር ካጋጠማችሁ በአንሃይድራይድና በኤስተር መካከል አስገቡት።

5. ከዚያ በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ያሉትን ለዩ።

እዚህ የሚታዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ሊቪንግ ግሩፑ ራሱ ነው፤ የፊኖል pKa 10፣ የፓራ-ናይትሮፊኖል 7.15 ስለሆነ የእነዚህ ኤስተሮች ከኢታይል ኤስተር ይቀድማሉ። ሁለተኛው በካርቦኒሉ በሌላ ወገን ያለው ክፍል ነው፤ CF3 ኤሌክትሮን ስለሚስብ ካርቦኑን ያስርበዋል፣ ያፈጥናል። ቤንዚን ቀለበት ደግሞ ኤሌክትሮን ስለሚያበድር ያዘገያል፤ ቤንዞይል ክሎራይድ ከአሴታይል ክሎራይድ የሚዘገየው ለዚህ ነው። ሦስተኛው መጨናነቅ ነው። ካርቦኑ ጎን (CH3)3C ከተቀመጠ ኑክሊዮፋይሉ መግቢያ ያጣል።

አንድ ምሳሌ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

እነዚህን ስድስት በሃይድሮክሳይድ ፊት ደርድሩ የሚል ጥያቄ መጣ እንበል፦ (ሀ) ኢታይል አሴቴት፣ (ለ) አሴታሚድ፣ (ሐ) ፓራ-ናይትሮፊናይል አሴቴት፣ (መ) አሴቲክ አንሃይድራይድ፣ (ሠ) ኢታይል ፒቫሌት ወይም (CH3)3CCOOC2H5፣ (ረ) አሴታይል ክሎራይድ።

ስንከብባቸው ረ ክሎሪን፣ መ የአንሃይድራይድ ኦክስጅን፣ ሀ፣ ሐ እና ሠ የኤስተር ኦክስጅን፣ ለ ናይትሮጅን ሆኖ ይገኛል። በቤተሰብ ስንደረድር ረ ቀዳሚ፣ መ ሁለተኛ፣ ለ መጨረሻ ይሆናል። መሐል ላይ ሦስት ኤስተር ቀሩ፤ ሽምደዳ እዚህ ያበቃል።

ሀ እና ሐ የአሴታይል ክፍላቸው አንድ ስለሆነ ሊቪንግ ግሩፓቸውን ብቻ እናወዳድር፦ 16 እና 7.15። ሐ ይቀድማል። የ7.15 ቁጥር ለአሴቴቱ 4.76 ቅርብ ቢሆንም ከእሱ ከፍ ስለሚል ሐ ከመ በታች ይቀራል። ሀ እና ሠ ደግሞ ሊቪንግ ግሩፓቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም ኢቶክሳይድ ያወጣሉ፤ ስለዚህ ሌላውን ወገን እናያለን። ሠ ላይ ሦስት ሜታይል መንገዱን ዘግተዋልና ሀ ይቀድማል። ሠ በጣም ቢዘገይም ከአሴታሚድ በታች አይወርድም፤ ኢቶክሳይድ ከ NH2⁻ ይልቅ በብዙ ይሻላል። መልሱ፦ ረ > መ > ሐ > ሀ > ሠ > ለ።

ልብ በሉ፣ በእያንዳንዱ ንጽጽር የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነው። ሁለት ነገር አብሮ የተለወጠባቸውን ጥንዶች በቀጥታ አታወዳድሩ፤ በመሐል ሦስተኛ አስገብታችሁ በሁለት እርምጃ ድረሱ።

ክፍል ሁለት፦ በሙከራ ቱቦ

ማስጠንቀቂያ፦ አሴታይል ክሎራይድ 51 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚፈላ፣ በቀላሉ የሚቀጣጠል፣ እርጥበት ሲነካው የ HCl ጭስ የሚያወጣ ፈሳሽ ነው። ፊውም ሁድ ከሌለ ይህን ክፍል ተዉት። ሁልጊዜ ኬሚካሉን ወደ ውሃው ጠብታ በጠብታ ጨምሩ፤ ውሃን ወደ ኬሚካሉ ጠርሙስ አታስጠጉ። አሴቲክ አንሃይድራይድም ዓይንና ሳንባን ያቃጥላል። በእሳት አትሥሩ።

6. አሴታይል ክሎራይድ። በሙከራ ቱቦ 2 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ አድርጉና 3 ጠብታ በየተራ ጨምሩ። የቱቦውን አፍ ወደ ማንም ሰው አታዙሩ። ወዲያው ይንጫጫል፣ ይሞቃል፣ ነጭ ጭስ ይታያል። ጸጥ ሲል 2 ጠብታ AgNO3 ጨምሩ፤ ነጭ የ AgCl ዝቃጭ ክሎራይዱ ለቆ መውጣቱን ያረጋግጣል። ይህ እርምጃ የሚጠቅመው ጭሱ ብቻውን ፈሳሹ ተንኖ ሊሆን ስለሚችል ነው።

7. አሴቲክ አንሃይድራይድ። በሌላ ቱቦ 2 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 10 ጠብታ። ከውሃ ስለሚከብድ እንደ ዘይት ወደ ታች ይወርዳል። ደጋግማችሁ በቀስታ ወዝውዙት፤ ቀስ በቀስ እየተዋሃደ ይጠፋል፣ ቱቦው ለብ ይላል፣ የኮምጣጤ ሽታ ይመጣል። ውሃ ውስጥ የሟሟው አንሃይድራይድ በ25 ዲግሪ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ አሲድ ይለወጣል። ከክሎራይዱ ጋር ያለው ልዩነት በዓይን ይታያል።

8. ኢታይል አሴቴት። 2 ሚሊ ሊትር ውሃ ላይ 10 ጠብታ። ጥቂቱ ሟሙቶ የቀረው ከላይ ይንሳፈፋል፤ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ የሚመስለው ሽታው ይቆያል። ሰማያዊ ሊትመስ አይቀላም። አሁን 3 ሚሊ ሊትር 10% NaOH ጨምሩና 60 ዲግሪ ዋተር ባዝ ውስጥ እየወዘወዛችሁ አቆዩት። የላይኛው ንጣፍ ሲጠፋ፣ ሽታውም አብሮ ሲሄድ ኤስተሩ ተሰብሯል። ከ60 ዲግሪ አትለፉ፤ ኢታይል አሴቴት 77 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ተንኖ ሊጠፋና «ተሰበረ» ሊያሰኛችሁ ይችላል።

9. አሴታሚድ። 0.2 ግራም በ2 ሚሊ ሊትር ውሃ አሟሙ። ይሟሟል፣ ሌላ ምንም አይሆንም። 3 ሚሊ ሊትር 10% NaOH ጨምሩና፣ ከማሞቃችሁ በፊት፣ እርጥብ ቀይ ሊትመስ ቱቦው አፍ ላይ ያዙ። ከዚያ በሚፈላ ውሃ ውስጥ አስቀምጡት። አሞኒያው ቀስ እያለ ወጥቶ ወረቀቱን ሰማያዊ ያደርገዋል። ወረቀቱ የቱቦውን ግድግዳ እንዳይነካ፤ NaOH ራሱ ሰማያዊ ያደርገዋል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ባሕር ዳርቻ ላይ ከሚሠራው ትንሽ ረዘም አድርጋችሁ ጠብቁ።

10. አወጋገድ። ሁሉም ቱቦ ጸጥ ካለና ከቀዘቀዘ በኋላ አሲዳማዎቹን በ NaHCO3 ጥቂት በጥቂት አለዝቡ። አረፋው CO2 ነው። የብር ዝቃጩን ለብቻው ለብረት ቆሻሻ በተመደበ ዕቃ አስቀምጡ።

ሙከራው ሲያስት

አንሃይድራይዱ ላይ ሊትመሱ ገና ሳይወዘወዝ ከቀላ ጠርሙሱ አርጅቷል። እርጥበት ስለገባበት አስቀድሞ አሴቲክ አሲድ ይዟል፤ ስለዚህ በዚህ ቱቦ ሊትመስን ሳይሆን የጠብታዎቹን መጥፋትና ሙቀቱን ተከታተሉ።

አሴታሚዱ በቀዝቃዛው ገና አሞኒያ ካወጣ አሚዱ ተሰብሮ አይደለም፤ ውስጡ አሞኒየም አሴቴት ቀርቷል። ደረጃ 9 ላይ ከማሞቅ በፊት ፈትሹ የተባለው ለዚህ ነው። እንዲህ ከሆነ በቀዝቃዛው አሞኒያው እስኪያልቅ ጠብቁና በአዲስ ወረቀት ጀምሩ።

አሴታይል ክሎራይዱን በቤንዞይል ክሎራይድ የተካ ሰው ጠብታዎቹ ውሃ ሥር ተቀምጠው ሲያይ «አሲድ ክሎራይድ ከአንሃይድራይድ ዘገየ» ሊል ይችላል። ቤንዞይል ክሎራይድ ውሃ ውስጥ ስለማይሟሟ ከውሃው ጋር የሚገናኘው በጠብታው ዳር ብቻ ነው። እዚህ ያያችሁት የመሟሟት ችግር ነው፤ ስለ ካርቦኒሉ አይናገርም።

በወረቀት ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ደረጃውን ወደ ላይ መውጣት ትልቁ ነው። ከላይ ያለው ከታች ወዳለው ይለወጣል፦ አሲድ ክሎራይድ ከአሚን ጋር አሚድ ይሰጣል፣ አንሃይድራይድ ከአልኮል ጋር ኤስተር ይሰጣል። ኤስተር ላይ NaCl ጨምሮ አሲድ ክሎራይድ መጠበቅ ግን አይሆንም፤ መሸጋገሪያው ውህድ ላይ ሁለቱ ሲወዳደሩ ክሎራይዱ ራሱ ተመልሶ ይወጣል። ወደ ላይ መውጣት ከፈለጋችሁ ኤስተሩን ወደ ካርቦክሲሊክ አሲድ ሰብራችሁ በ SOCl2 አሳልፉት፤ SO2 እና HCl በጋዝ መልክ ስለሚወጡ ሪአክሽኑ ወደ ኋላ አይመለስም።

ሌላው አሲድና አሚን ቀላቅሎ በቀጥታ አሚድ መጻፍ ነው። በክፍል ሙቀት የሚሆነው የፕሮቶን ዝውውር ነው፤ ካርቦክሲሌትና አሞኒየም ጨው ይፈጠራል፣ አሁን ካርቦኒሉም ደክሟል፣ አሚኑም ኑክሊዮፋይል መሆኑ ቀርቷል።

ሦስተኛው «አሚድ» የሚለውን ስም አይቶ ብቻ ወደ ታች መወርወር ነው። ፔኒሲሊን ውስጥ ያለው ባለ አራት ጎን ቀለበት አሚድ ነው፤ ግን ናይትሮጅኑ በሁለት ቀለበት መገናኛ ላይ ስለተያዘ ጥንዱን ለካርቦኒሉ ለማበደር መዘርጋት አይችልም፣ ጠባቡ ቀለበትም መከፈት ይፈልጋል። ስለዚህ ከተራ አሚድ በብዙ ይፈጥናል፤ መድኃኒቱ የባክቴሪያውን ኤንዛይም የሚይዘውም በዚሁ ነው። ደረጃ 2ን በትክክል የሠራ ሰው ይህን ያገኘዋል፤ ጥያቄው ናይትሮጅን አለ ወይ ሳይሆን ናይትሮጅኑ ያበድራል ወይ ነውና።

ለልምምድ አስፕሪንንና ፓራሲታሞልን አወዳድሩ። አስፕሪን ላይ አሴታይሉ የተጣበቀው ከቀለበት ኦክስጅን ጋር ነው፣ ማለትም የፊኖል ኤስተር ነው። ፓራሲታሞል ላይ የተጣበቀው ከናይትሮጅን ጋር ነው፣ አሚድ ነው። እርጥበት ያገኘው የአስፕሪን ጠርሙስ ሲከፈት የኮምጣጤ ሽታ ይሰጣል፤ በዚያው ሁኔታ የተቀመጠው ፓራሲታሞል አይሰጥም።